ስክሪኑ 2.40 እያለ በ2.05 የተሸጠብኝ ኮይን

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ከሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ። መልሶቹ እየበዙ፣ ጭቅጭቁም እየገባበት ሲሄድ አዲስ የሚገቡ ሰዎች መነሻው ጠፋን አሉኝ። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች የተባለውን በራሴ አነጋገር በተራ አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፣ ስድቡንም አውጥቼዋለሁ። ስድቡ የወጣለት ሰው ራሱን ያውቃል።

የመነሻው ጽሑፍ

ዓርብ ሌሊት ስልኬ ሲጮህ ነቃሁ። ያለኝ ኮይን እየወረደ ነው። ሲመሽ 2.70 ዶላር ነበር፤ ስከፍተው 2.40 ይላል። 1,500 ፍሬ አለኝ። በእንቅልፍ ዓይኔ አባዛሁትና 3,600 ዶላር አለኝ ብዬ ከመውረዱ በፊት ልውጣ አልኩ። ማርኬት የሚለውን መርጬ ዋጋ ሳልጠራ ሁሉንም ሽጥ አልኩት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ነበር። ሂሳቤ ላይ የገባው 3,282 ዶላር ብቻ ሆነ። ኮሚሽኑን ሳይጨምር 318 ዶላር የት እንደገባ አላውቅም። መገበያያው ሰርቆኛል ብዬ ጻፍኩ፤ ዋጋ ወስኖ የሚታዘዝበትን ሊሚት ተጠቅሜ ቢሆን ኖሮስ እተርፍ ነበር ወይ ብዬም ጠየቅሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው ምንም ሳይጠይቅ ተስማማልኝ። ሁሉም ሌቦች እንደሆኑ፣ እሱም ባለፈው ዓመት እንዲሁ እንደተበላ ጽፎ አጽናናኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ሌሊት ደስ ያለኝ መልስ እሱ ነበር።

መልስ 2 እና 3

ሁለተኛዋ መድረኩ ላይ ባለሚዛኗ የምንላት ናት፤ አዳማ ውስጥ የእህል ነጋዴዎች ሂሳብ የምትሠራ ሴት። ሌባ ከማለቴ በፊት የሽያጩን ዝርዝር እንድከፍት፣ ሽያጩ በስንት መስመር እንደተከፋፈለ አይቼም እንድነግራት በትህትና ጠየቀችኝ። ዝርዝር መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። ከፍቼ ሳየው አንዱ ሽያጬ ለካ ሦስት ሽያጭ ነበር። ሦስተኛው መልስ የእኔ ነው፤ እንዲህ አድርጌ ለጠፍኩት፦

400 ፍሬ በ2.38
300 ፍሬ በ2.30
800 ፍሬ በ2.05

ከግማሽ የሚበልጠው የሄደው በ2.05 ነው። ሦስቱም በአንድ ሰከንድ ውስጥ የተፈጸሙ ናቸው።

መልስ 4

ባለሚዛኗ ተመልሳ፣ 2.40 ለእኔ የቀረበ ዋጋ እንዳልነበር አስረዳችኝ። ስክሪኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ሌሎች ሁለት ሰዎች መጨረሻ ላይ የተስማሙበት ዋጋ ነው፤ ያለፈ ነገር ነው። እኔ ማየት የነበረብኝ ከሥሩ ያለውን፣ በስንት ዋጋ ስንት ፍሬ ለመግዛት ማን ተሰልፎ እንደሚጠብቅ የሚያሳየውን ኦርደር ቡክ ነበር። በ2.38 የቆሙት ገዢዎች የሚፈልጉት 400 ብቻ ነበር። እነሱ ሲያልቁ ትእዛዜ ወደ ቀጣዮቹ ወረደ፤ እነሱም 300 ወስደው አበቁ። ከዚያ በታች እስከ 2.05 ድረስ አንድም ሰው አልቆመም። ማርኬት ብዬ ያዘዝኩት ደግሞ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 1,500ው እስኪያልቅ መሸጥ። በስንት የሚለውን አልነገርኩትም።

እኔም ከሳምንት በፊት ያንኑ ያህል በማርኬት ሸጬ ሳንቲም እንዳልጎደለብኝ ጠቅሼ ተከራከርኩ። እሷ ግን ልዩነቱ እዚያው ላይ እንደሆነ አሳየችኝ። በሰላሙ ጊዜ ሰልፉ ወፍራም ነው። ዋጋ መውረድ ሲጀምር ተሰልፈው የነበሩት ራሳቸው ይፈሩና ትእዛዛቸውን ይሰርዛሉ። ሻጭ በሚበዛበት ሰዓት ገዢው ይሳሳል ማለት ነው። ኮይኑም ብዛቱም ያው ነበር፤ የተለየው ከፊቴ የቆመው ሰልፍ ነው።

መልስ 5

እዚህ ላይ አንድ የይርጋለም ቡና አቅራቢ ገቡ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ኮይን የሚለውን ሳያስተውሉ ስለ ቡና የምናወራ መስሏቸው ልጄ እያሉ ረጅም ታሪክ ጻፉልኝ። አንድ ዓመት ሐዋሳ መጋዘን ያስገቡትን ቡና በምርት ገበያ የሚሸጥላቸውን ሰው፣ በፈረሱላ ከዚህ ዋጋ በታች እንዳትነካ ብለው ያዙታል። በመጀመሪያው ቀን ገበያው ከዋጋቸው በጥቂት ብር ብቻ ዝቅ ብሎ ዋለ። ሰውየው ደውሎ ልሽጥ ወይ ቢላቸው አይሆንም አሉ። በማግስቱ ዋጋው ደግሞ ወረደ፤ በሦስተኛው ቀንም። የመጋዘኑ ኪራይ ይቆጥራል፣ ገንዘባቸው ታስሯል፣ ከገበሬ በዱቤ የወሰዱት አለ። በመጨረሻ የሸጡት ያን ጊዜ እንቢ ካሉት በጣም ዝቅ ባለ ዋጋ ነው። ዋጋ አልተታለሉም፤ ያልተሸጠ ቡና ነው የጎዳቸው።

ጥያቄውን አልገባቸውም ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ከሁላችን ቀድመው የሊሚትን ቁስል የነገሩን እሳቸው ይመስሉኛል።

መልስ 6

ስሙን ሊሚት ብቻ ብሎ ያወጣ ወጣት አለ፤ ስሙ እምነቱን ይናገራል። ማርኬት ኦርደር የሚነካ ሰው ገንዘብ የማይወድ እንደሆነ፣ 2.30 ላይ ሊሚት ጽፌ ብተኛ 318 ዶላሬ ኪሴ ውስጥ እንደነበር በሦስት ዓረፍተ ነገር ደምድሞ ሄደ። ብዙ ሰው አውራ ጣቱን አነሳለት። ግማሹ ልክ ነው። ሌላውን ግማሽ ያመጣችው ቀጣይዋ ናት።

መልስ 7

ከአዳማ የምትጽፍ ሌላ እህት፣ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ኮይን፣ በዚያው መገበያያ ላይ እንደተጎዳች ተናገረች። 600 ፍሬ ነበራት፤ የጎዳት ግን ማርኬት ሳይሆን ሊሚት ነው። ከመተኛቷ በፊት በጥንቃቄ ስቶፕ ሊሚት አስቀምጣለች፤ ዋጋው 2.30ን ከነካ ትእዛዙ ይነሳ፣ ሲነሳ ደግሞ ከ2.28 በታች እንዳይሸጥ። ሁለት ሳንቲም ክፍተት መስጠቷ ነው፤ በአዘቦት ቀን ይበቃል።

ጠዋት ስትነሳ ትእዛዟ ተነስቷል፤ ግን አንዲት ፍሬ አልተሸጠችም። ዋጋው ከ2.30 ዘልሎ 2.05 ላይ ስለወደቀ፣ የእሷ 2.28 ከገበያው በላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ማንም በ2.05 የሚያገኘውን በ2.28 አይገዛም። ጎህ ሲቀድ ዋጋው 1.75 ደርሶ ነበር። ዘብ አቁሜያለሁ ብላ ነው የተኛችው፤ ዘቡም በእርግጥ ነቅቶ ነበር፣ በሩን ማለፍ ግን አልተፈቀደለትም።

መልስ 8 እና 9

ሊሚት ብቻ ወዲያው ተመለሰ። ጥፋቱ የሊሚት ሳይሆን የእሷ እንደሆነ፣ ክፍተቱን ሰፋ ማድረግ እንደነበረባት ጻፈ፤ አጻጻፉም አስተማሪ ተማሪን እንደሚቆጣ ነበር። እሷም አልተቀመጠችም። ስንት ይበቃ እንደነበር ቁጥር እንዲጠራ ጠየቀችው። 2.20? ገበያው 2.05 ነበር። 2.00? ታዲያ ያን ያህል ከተወረደ ከማርኬት በምን ይለያል? ደግሞ የሆነው ከሆነ በኋላ ክፍተት መለካት ለማንም እንደማይከብድ ጨመረችበት። ቁጥሩን እስከ ዛሬ አልጠራም።

መልስ 10

ከዚህ በኋላ ባለሚዛኗ የጻፈችውን ሳነብ ሻዬን አስቀመጥኩ። ሁለታችን የለጠፍነውን ሰዓት አስተያይታለች። የእህታችን ስቶፕ የተነሳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ47 ነው፤ የእኔም ሽያጭ 8 ሰዓት ከ47። የእኔ ሁለተኛ መስመር 2.30 ነው፤ ሦስተኛው 2.05። ይህ ማለት የእሷን ስቶፕ የቀሰቀሰው የእኔው የ2.30 ሽያጭ ሊሆን ይችላል፤ ትእዛዟ ተነስቶ ቡኩ ላይ ሳይደርስ ደግሞ የእኔው ቀሪ 800 ገበያውን 2.05 አድርሶታል።

ማረጋገጫ እንደሌላት፣ በዚያች ደቂቃ ሌሎችም ይሸጡ እንደነበር አስጠንቅቃለች። ቢሆንም የእኔ ማርኬትና የእሷ ሊሚት በአንድ ሰከንድ ተጋጭተው ሁለታችንም የተጎዳን ይመስለኛል። ለእህቴ በውስጥ መስመር ይቅርታ ጻፍኩላት። በሳቅ ምልክት መለሰችልኝ፤ ሳቁ ምን ዓይነት እንደሆነ አላወቅሁም።

መልስ 11

ባለሚዛኗ ቀጠለችና የሊሚት ብቻን የ2.30 ምክር በእኔው ቁጥር ፈተነችው። 2.30 ላይ ሊሚት ጽፌ ቢሆን 400ው በ2.38፣ 300ው በ2.30 ይሸጡ ነበር፤ 1,642 ዶላር። 800 ፍሬ ይቀረኛል። ጎህ ሲቀድ በ1.75 ቢመዘን እሱ 1,400 ነው፤ ድምሩ 3,042። በዚያን ሰዓት የተቆጨሁበት የማርኬት ሽያጭ በ240 ዶላር ይበልጣል። ማክሰኞ ዕለት ግን ኮይኑ ወደ 2.20 ተመለሰ፤ 800ው 1,760 ሆነ፣ ድምሩም 3,402። አሁን ሊሚቱ በ120 ይበልጣል። የቱ ትክክል እንደነበር የሚወስነው የምንቆምበት ቀን ነው፤ በዚያች ሌሊት ደግሞ ማክሰኞን ያየ አልነበረም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥቧ ለእኔ ከሁሉም የጠቀመኝ ነው። መውጣት ግድ ከሆነ፣ ሊሚቱን ከገዢዎቹ ዋጋ በታች ዝቅ አድርጎ መጻፍ ይቻላል። ገዢዎቹ 2.38 ላይ ቆመው ሳለ እኔ በ2.25 ልሽጥ ብል፣ ትእዛዙ እንደ ማርኬት ወዲያው ይሮጣል፤ ከ2.25 በታች ግን አይወርድም። ቀሪው ቡኩ ላይ ይቆማል፤ እኔም ቆም ብዬ አያለሁ። የ800ው ጉዳይ በእንቅልፍ ልብ ሳይሆን በሁለተኛ ውሳኔ ይዘጋል።

መልስ 12 እና 13

እኔ ይህን አላመንኩም። በ2.25 ልሽጥ ካልኩ በ2.38 የሚገዛ ሰው ቆሞ እንኳ በ2.25 የሚሸጥብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ገበያ ሄዶ በ20 ስጠኝ ላለው ሰው በ30 አድርገው የሚል ነጋዴ አላየሁም። ባለሚዛኗ ከመከራከር ይልቅ በትንሽ እንድሞክረው መከረችኝ። ማክሰኞ ማታ አዲስ የገዛኋትን 10 ፍሬ ይዤ ገባሁ። የገዢዎቹ አናት 2.19 ላይ ነው። ሊሚት ብዬ 2.00 ጻፍኩ፣ እጄ እየፈራ ተጫንኩት። ዝርዝሩን ስከፍት አሥሩም በ2.19 ተሸጠዋል። የጻፍኩት ቁጥር የመሸጫ ዋጋ ሳይሆን ወለል ነው። ውጤቱን ለጥፌ 13ኛውን መልስ በዚያው ዘጋሁት።

መልስ 14

አዳማ ላይ ቲማቲም የሚያከፋፍል አንድ ወንድም ይህን ሁሉ አንብቦ፣ እሱ ዘንድ ይህ ዜና እንዳልሆነ ነገረን። ሌሊት የገባን አይሱዙ ጭነት ደላላው ባለው ዋጋ አውርደው ከተባለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች በደህና ዋጋ ይሄዳሉ፤ ቸርቻሪዎቹ ሲበቃቸው የመጨረሻዎቹ መሳቂያ በሆነ ዋጋ ይሸጣሉ። ከዚህ በታች አታውርድ ከተባለ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ራሱ ዋጋውን ይቆርጣል። ከዚያ ወሬው ወደ ቲማቲም ዋጋ ዞሮ ስድስት ያህል አጫጭር አስተያየቶች ተከታተሉ። ቁጥር አልሰጠኋቸውም።

መልስ 15

ስለ መግዛት ያነሳው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሐዋሳ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በ2.00 ልግዛ ብሎ ሊሚት ትቶ ረስቶታል። ኮይኑ 2.70 በነበረበት ጊዜ በ2.00 ማግኘት ሎተሪ ይመስለው ነበር። ያቺ ሌሊት ትእዛዙ ተፈጸመለት፤ ጠዋት ሲያይ ያለው 1.75 የሚያወጣ ኮይን ነው። ሊሚቱ የጠየቀውን ዋጋ በትክክል ሰጥቶታል። ችግሩ ግን በ2.00 የሚያገኘው ሁሉም ሰው ሲሸሽ ብቻ መሆኑ ነው፤ እሱ ደግሞ ተኝቶ ስለነበር ለምን እንደሚሸሹ አልጠየቀም። ሊሚት ብቻ ለዚህኛው መልስ አልሰጠም። ማክሰኞ ዋጋው 2.20 ሲሆን ግን ሰውየው ራሱ ተመልሶ ያቺን ሌሊት የገዛ ብልህ እሱ ብቻ እንደሆነ ጻፈ። ከአራት ቀን በፊት ያለቀሰበትን ረስቶታል።

መልስ 16

ሊሚት ብቻ ነገሩን ወደ እኛ መገበያያ ማነስ አዞረው፤ እንዲህ ያለ መዝለል ትልቅ ገበያ ላይ እንደማይደርስ ተናገረ። ባለሚዛኗ እዚህ ላይ ትንሽ ተቆጣች መሰለኝ፣ ሁለት ቀን ጠራችለት።

አንደኛው ሜይ 6 ቀን 2010 ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ኒውዮርክ ላይ የአክሰንቸር አክሲዮን ወደ 40 ዶላር ገደማ ከነበረበት በደቂቃዎች ውስጥ በአንድ ሳንቲም ተሸጠ። በዚያው ቀን የሶዝቢስ አክሲዮን ወደ 100,000 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ የተገዛበትም አለ። በአንድ ሳንቲምና በመቶ ሺህ የቆሙት ትእዛዞች የእውነት ፍላጎት አልነበሩም። አገበያዮች ዋጋ የመስጠት ግዴታቸውን ለመሙላት ብቻ፣ ማንም አይደርስባቸውም ብለው ጥግ ላይ ያስቀመጧቸው ነበሩ። እውነተኞቹ ትእዛዞች ሲሰረዙ ማርኬት ኦርደሮቹ ወርደው እነሱን አገኙ። በኋላ ከመነሻው ከ60 በመቶ በላይ የራቁት ግብይቶች ተሰረዙ።

ሁለተኛው ጁን 21 ቀን 2017 ነው። ያኔ ጂዳክስ ይባል በነበረው የኮይንቤዝ መገበያያ አንድ ትልቅ የኢቴሪየም ሽያጭ ዋጋውን ከ317.81 ወደ 224.48 ዶላር አወረደው። ይህ ብቻውን ወደ 800 የሚጠጉ ስቶፖችንና በብድር የተያዙ ሂሳቦች የግዳጅ ሽያጮችን ቀሰቀሰ። እያንዳንዱ ስቶፕ ሲነሳ ማርኬት ሆኖ ስለሚሸጥ አንዱ ሌላውን እየገፋ ኢቴሪየም ለቅጽበት 10 ሳንቲም ገባ። እዚያ ግብይቱ አልተሰረዘም፤ በ10 ሳንቲም የገዙት የገዙትን ያዙ፣ ለተጎዱት ድርጅቱ ከኪሱ እንደሚከፍል አስታወቀ። እንዲህ ያለ እጅ ግን ሁልጊዜ እንደማይዘረጋ፣ እኔና የአዳማዋ እህት ምስክሮች እንደሆንን አከለች።

መልስ 17

አንድ ሰው በቁጣ ገብቶ ከመነሻው ኮይን የገዛ ሰው አቤት የሚልበት ቦታ እንደሌለው፣ ይህን ሁሉ ሂሳብ ከምንሠራ ገንዘቡን ሥራ ላይ እንድናውለው ገሰጸን። ሁለት ሰዎች መለሱለት፣ እሱም መለሰ፤ አወያዩ ቆለፈው። አቤት የሚባልበት ቦታ ማጣቱን በተመለከተ አልዋሸም።

መልስ 18

ከዚያ የአንድ ባንክ ባለአክሲዮን የሆነ ሰው ጠቃሚ ጥያቄ ጣለ። አዲስ አበባ ላይ በጃንዋሪ 2025 ሥራ በጀመረው የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ አክሲዮኑን ቢሸጥ ይኸው ይደርስበት እንደሆነ ነው የጠየቀው። ባለሚዛኗ ገዢና ሻጭ ጥቂት በሆኑበት ገበያ ሁሉ በዝምታ ቀንም ቢሆን የገዢው ሰልፍ ቀጭን ስለሆነ፣ ለአገናኙ ወለል ሳይነግር እንዳያዝ መከረችው። ሊሚት ብቻ በዚህ ተስማማ፤ ክሩ ላይ ሁለቱ የተስማሙበት ብቸኛ ቦታ ነው። ወለሉ ስንት ይሁን ሲባል ግን እንደገና ተለያዩ። እሱ የመጨረሻው ዋጋ ላይ ይጻፍ ባይ ነው። እሷ ደግሞ መጀመሪያ በእውነት መሸጥ ይፈልግ እንደሆነ፣ ባይሸጥስ ምን እንደሚያጣ ራሱን እንዲጠይቅ ነው ያለችው። አሁንም እየተከራከሩ ነው።

መልስ 19

ትናንት ማታ ጋሼ ተመለሱ። ክሩን በሙሉ፣ ሁለት ጊዜ እንዳነበቡት ነገሩን። የእኔ የ800 ፍሬ ጉዳይ አሳዝኗቸዋል፤ የአዳማዋን ልጅ ደግሞ እግዚአብሔር ይተካልሽ ብለው መረቋት። የቀራቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህ ኮይን የሚባለው ዕቃ የሚቀመጠው በየትኛው መጋዘን እንደሆነና ኪራዩ በቀን ስንት እንደሚታሰብ። እስካሁን የመለሰላቸው የለም።